«ቢሮ ነው ያለው» የሚባል ሥራ እንዴት ይመዝገብ?

«ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን በምትገኝ አነስተኛ የግንባታ ድርጅት ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። ሥራዎቻችንን ሁላችንም በምናየው ሺት ላይ እመዘግባለሁ። ሁኔታቸው ሦስት ነው፤ አልተጀመረም፣ በሂደት ላይ፣ ተጠናቋል። ያስቸገሩኝ ከውጭ ፈቃድ የሚጠብቁት ናቸው። ሰኞ ስብሰባ ላይ ‹የት ደረሰ?› ሲባል መልሱ ሁሌ ‹ቢሮ ነው ያለው› ነው። ዓምና የአንድ መጋዘን ፕላን ‹ተስተካክሎ ይቅረብ› ተብሎ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ለሳምንታት ተቀምጦ ነበር። ማንም ሄዶ አልጠየቀም። ፈቃዱ ሲወጣ ክረምት ገባ። ሥራ አስኪያጁ ‹ለምን አላስታወስሽም?› አለኝ። መሐንዲሱ ደግሞ ‹ድራፍትስማኑ እየተከታተለ መስሎኝ ነበር› አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ እንዴት ብዬ ልጻፈው?
ግራ የገባኝ፣ ከጠባሴ»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት «በሂደት ላይ» የሚለውን ለሁለት ክፈይው። አሁን በዚህ ስም የምትጽፊው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ከእናንተ አንድ ሰው ዛሬ እጁ ላይ ይዞት የሚሠራው ነው። ሌላው እናንተ የድርሻችሁን ጨርሳችሁ የሌላ ሰው ፊርማ የምትጠብቁበት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሺቱን ያየ ሁሉ አንድ ሰው እየሠራው ይመስለዋል። መሐንዲሱም የተሸወደው በዚሁ ነው። ስለዚህ አራተኛ ሁኔታ ጨምሪ፤ «በመጠባበቅ ላይ» በይው።

ግን ስሙን ብቻ ጨምረሽ ከተውሽው ብዙ አይጠቅምሽም። እንዲያውም ሊብስ ይችላል። «በመጠባበቅ ላይ» ለሁሉም ማረፊያ ይሆናል፤ የደከመው ሁሉ ሥራውን እዚያ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ይህ እንዳይሆን አንድ ጥብቅ ደንብ ያስፈልግሻል። አንድ ሥራ «በመጠባበቅ ላይ» የሚባለው ሦስት ነገር ሲሞላ ብቻ ነው። አንደኛ ከማን ምን እንደምንጠብቅ፣ ሁለተኛ ከእኛ ውስጥ ተጠሪው ማን እንደሆነ፣ ሦስተኛ በየትኛው ቀን እንደምንጠይቅ። አንዱ ከጎደለ ወደ «በሂደት ላይ» መልሽው።

ከማን የሚለውን «ማዘጋጃ ቤት» ብለሽ አትዝጊው። ማዘጋጃ ቤት ብዙ በር አለው። ማመልከቻሽ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለአንድ ባለሙያ ይመራዋል። ስለዚህ «ግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ ለሳኒተሪ ገምጋሚው ተመርቷል፣ የገቢ ቁጥር ይህ» የሚል ጽሑፍ ነው የሚጠቅምሽ። ቁጥሩ ከሌለሽ በሄድሽ ቁጥር ፋይሉን ፍለጋ ነው የምትውይው። የገባውን ደብዳቤ ቀሪ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺበት፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ሺቱ ላይ ሊንኩን አድርጊው።

አሁን ወደ ተጠሪው እንምጣ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ቢሮ ነው ያለው ተብሎ ተጠሪ የሚለው ላይ የቢሮው ስም ይጻፋል። ቢሮው ግን ሰኞ ስብሰባሽ ላይ አይቀመጥም። ተጠሪ ማለት ፈቃዱን የሚሰጠው አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ተነስቶ የሚሄደው ወይም የሚደውለው ሰው ነው። ሁሌም የእናንተ ሰው ነው። ሁሌም አንድ ሰው ነው። «መሐንዲሱና ድራፍትስማኑ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ዓምና የሆነው ዘንድሮም ይደገማል።

ማንን እንደምታደርጊ ስትመርጪ የሥራ መደቡን ብቻ አትዪ። ያ ሰው እዚያ ቢሮ ቢሄድ መልስ ይሰጠዋል ወይ? ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ክፍል የሚያነጋግረው የግንባታው ባለቤት የሆነውን ወይም ውክልና የያዘውን ብቻ ነው። የቴክኒክ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ዲዛይኑን የፈረመውን ባለሙያ ሊፈልግ ይችላል። ውክልና የሌለውን ልጅ ተጠሪ አድርገሽ ብትልኪው በር ላይ «ባለጉዳዩ ይምጣ» ተብሎ ይመለሳል። ቀኑም ይቃጠላል። ጉዳዩ አዲስ አበባ ያለ ከሆነ ደግሞ ለዚያ 130 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ሰው አትልኩም። ለዕቃ ግዢ በየጊዜው የሚወርደው ሠራተኛችሁ ተጠሪ ይሁን። የክትትል ቀኑንም ከሱ ጉዞ ጋር አግጥሚው።

የክትትል ቀን ደግሞ ፈቃዱ ይወጣል ብለሽ የምትገምቺው ቀን አይደለም። ያን አንቺ አትወስኚም። የክትትል ቀን እናንተ የምትንቀሳቀሱበት ቀን ነው። ይህን በእጃችሁ ስለያዛችሁት መቼም ባዶ ሊሆን አይገባም። ሁለቱን ቀኖች በአንድ ሳጥን አትቀላቅዪ።

በተግባር እንዴት እንደሚሄድ በአንድ መጋዘን ፕላን እንየው። ዘመኑ 2018 ነው እንበል።

መጀመሪያ ከኋላ ተነሺ። ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌና ነሐሴ መሠረት አይቆፈርም፤ ዋልካው ውኃ ሲጠጣ ጉድጓዱ ይናዳል፣ መኪናም አይገባም። ስለዚህ መሐንዲሱን «መሠረቱ ሰኔ ሳይጋመስ እንዲሞላ ፈቃዱ እስከ መቼ እጃችን መግባት አለበት?» ብለሽ ጠይቂው። ሚያዝያ 30 አለሽ እንበል። ይህን «የመጨረሻ ቀን» በሚል ሳጥን አኑሪው። ይህ ቀን የሚያገለግለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳዩ መቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ከፍ እንደሚል ለማወቅ።

ፕላኑ ሰኞ የካቲት 9 ገቢ ሆነ። በዚያው ዕለት «ዲዛይን ማዘጋጀትና ማስገባት» የሚለውን ሥራ ዝጊው። ተጠናቋል። አዲስ መስመር ክፈቺና «የፕላን ፈቃድ፣ መጋዘን» ብለሽ ጻፊ። ሁኔታው በመጠባበቅ ላይ፣ ተጠሪው መሐንዲሱ፣ የክትትል ቀኑ ዓርብ የካቲት 13። በአምስት ቀን ፈቃድ ይወጣል ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ክትትል ስለ ውሳኔ አይጠይቅም። «ፋይሉ ለማን ተመራ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መንገድ ላይ የጠፋ ፋይል የሚገኘው በዚህ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ወር ጠብቀሽ ብትጠይቂና «ገና አልተመራም» ብትባይ ወሩ በከንቱ ሄዷል።

ዓርብ ዕለት መሐንዲሱ ሄደ። ለገምጋሚው ተመርቷል፣ ገምጋሚውም በቀጣዩ ሳምንት ማብቂያ ላይ አየዋለሁ አለ። አሁን ሁለት ነገር ይጻፋል። ማስታወሻው ላይ «የካቲት 13፣ ለገምጋሚው ተመርቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ይታያል ተብሏል»። ቀኑ ላይ ደግሞ አዲስ የክትትል ቀን። ሳምንቱን ጨምረሽ ስታሰይ ሰኞ የካቲት 23 ላይ ትደርሻለሽ። ያ ግን የዓድዋ በዓል ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ የካቲት 24። ቀን ስትሰጪ በዓላቱን ከፊትሽ ዘርጊ። ሚያዝያ ላይ ስትደርሺ ደግሞ የ2018 ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 መሆኑን አስቢ። ከበዓሉ ማግስት ቢሮ ቢከፈትም ሰው እስኪሟላ ጥቂት ቀን ይወስዳል።

የካቲት 24 መሐንዲሱ ሲሄድ «የሳኒተሪው ድሮዊንግ የፍሳሽ ማጠራቀሚያውን ልኬት አያሳይም፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ጠበቀው። ዓምና ያቃጠላችሁ ይኸው ነው። ልብ በይ፣ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ቢሮው ምንም አይጠበቅበትም። ጉዳዩ እናንተ ጋ ነው። ሁኔታው ወዲያውኑ ወደ «በሂደት ላይ» መመለስ አለበት፤ ተጠሪው ደግሞ ድሮዊንጉን የሚያስተካክለው ሰው ይሆናል፣ ከማስረከቢያ ቀን ጋር። ሺቱ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» እንዳለ ከቀረ፣ እናንተ እነሱን ትጠብቃላችሁ፣ እነሱ እናንተን ይጠብቃሉ፣ ጊዜው ይነጉዳል። በየክትትሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ለዚህ ነው «አሁን የሚጠበቀው ከማን ነው?» መሆን ያለበት። «ፈቃዱ ወጣ?» ብለሽ ብትጠይቂ «አልወጣም» ትባያለሽ። እውነት ነው፤ ግን ምንም አልነገረሽም።

ተስተካክሎ ረቡዕ መጋቢት 2 ዳግም ገባ። መስመሩ ወደ «በመጠባበቅ ላይ» ተመለሰ፣ አዲሱ የገቢ ቁጥር ተጻፈ፣ የክትትል ቀኑ ሰኞ መጋቢት 7 ሆነ። የድሮውን ማስታወሻ አታጥፊው። አዲሱን ከላይ ጨምሪበት። ነገሩ ሲጓተት ለኃላፊው የምትጽፊው ደብዳቤ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደተመለሰ፣ መቼ ታርሞ እንደቀረበ በቀን በቀኑ።

ቢሮ ውስጥ የሚሰጥ መልስ ሁሉ መልስ አይደለም። «ነገ ተመለሱ»፣ «ፊርማ ላይ ነው»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉትን ተጠሪው ይዞልሽ ሲመጣ በትሕትና መልሰሽ ጠይቂው። ማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው? ምን ይቀረዋል? መቼ ና አሉህ? ሦስቱን ካላወቀ ክትትሉ አልተደረገም፤ ቀኑን አትግፊለት። እዚህ ላይ ጠንከር ማለት አለብሽ፤ ቀን መግፋት እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ወሬ የተገፋ ቀን ደግሞ ከሌለ ቀን አይለይም።

ስንት ቀን ልስጥ? ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ብዙ ቢሮዎች ግድግዳቸው ላይ የዜጎች ቻርተር ይለጥፋሉ፤ ለየአገልግሎቱ የሚፈጀው ጊዜ ተጽፏል። ለክትትልሽ መነሻ አድርጊው። ባለሙያው ራሱ ቀን ከሰጠሽ ግን የሱን ቀን ያዥ፤ በማግስቱ ጠይቂ። በየቀኑ መደወል አይረዳም። ባለሙያውን ታሰለቺዋለሽ፤ የሚነግርሽም አዲስ ነገር አይኖረውም።

ከፍ የሚልበትን ቀን ግን አስቀድመሽ ወስኚ። በምሳሌያችን የመጨረሻ ቀኑ ሚያዝያ 30 ነው። ሰኞ ሚያዝያ 12 ድረስ ውሳኔ ካልተገኘ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ይሂዱ፤ ደብዳቤም ይዘው። ይህን ቀን መጋዘኑ ገና ሲጀመር ከሳቸው ጋር ተስማሚበት። ያኔ «ለምን አላስታወስሽም?» የሚል ነገር አይመጣም፤ ቀኑን አብረው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ሺቱ ቢሮውን አያስፈርምም። ማድረግ የሚችለው መዘግየቱን ገና ጊዜ ሳለ ማሳየት ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቆፋሪውን ሌላ ሳይት ይላኩት ወይስ ያቆዩት የሚለውን በጊዜ ይወስናሉ።

አሁን ስለ ሺቱ ትንሽ ልበል። ቀኖቹን ማንም በዓይኑ እየፈለገ አያገኛቸውም፤ ራሱ ሺቱ ቀይ ያድርጋቸው። ዓምዶችሽ A ሥራ፣ B ሁኔታ፣ C ተጠሪ፣ D ከማን፣ E የክትትል ቀን፣ F የመጨረሻ ቀን፣ G ማስታወሻ ከሆኑ፣ ከሁለተኛው መስመር ጀምረሽ ምረጪና Conditional formatting በሚለው ውስጥ ይህን ቀመር አስገቢ፦

```
=AND($B2="በመጠባበቅ ላይ",OR($C2="",NOT(ISNUMBER($E2)),$E2<=TODAY()))
```

ተጠሪ የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ወይም ቀኑ ዛሬ የሆነና ያለፈ የመጠባበቅ መስመር ሁሉ ይቀላል። ሁኔታውን ግን ሰው በእጁ እንዳይጽፍ፣ ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጊው። አንዱ «በመጠበቅ»፣ ሌላው «እየጠበቅን» ብሎ ከጻፈ ቀመሩ አያውቀውም።

እዚህ ጋ እኛን የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። ሺቱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። E ላይ 24/06/2018 ብለሽ የካቲት 24ን ብትጽፊ፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ሺት የፈረንጆች ሰኔ 24፣ 2018 አድርጎ ያነበዋል። ዓመታት ያለፈው ቀን ስለሚመስለው መስመሩ ገና ሲጻፍ ይቀላል። ሁሉም ነገር ሁሌ ቀይ ከሆነ ደግሞ ሰው ቀይን ማየት ይተዋል። «የካቲት 24» ብለሽ በፊደል ከጻፍሽው ጽሑፍ ነው እንጂ ቀን አይደለም፤ ከላይ ያለው NOT(ISNUMBER) እሱን ይይዝልሻል። መፍትሔው E ላይ የፈረንጁን ቀን ማስገባት ነው። የካቲት 24 ማለት ማርች 3፣ 2026 ነው። አጠገቡ አንድ ዓምድ ጨምረሽ የኛን ቀን በፊደል ጻፊው፤ ሰው የሚያነበው እሱን ነው። ዓምድ ስትጨምሪ ከE በስተቀኝ ይሁን፤ ቀመሩን አይነካውም።

የሰኞ ስብሰባሽም በዚሁ ያጥራል። ቀይ የሆኑትን ብቻ አንሺ። የክትትል ቀናቸው ያልደረሰ የመጠባበቅ ሥራዎች ስማቸው እንኳ አይጠራ። «ቢሮ ነው ያለው» የሚለው መልስ የሚመጣው ገና ምንም ሊባልበት የማይገባውን ሥራ በየሳምንቱ ስለምትጠይቂ ጭምር ነው።

ሁለት ነገር ከዚህ ዝርዝር አስወጪ። የሥራ አስኪያጃችሁን ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት የውጭ ፈቃድ አይደለም። ቢሮው ከናንተ ግድግዳ ወዲያ ነው፤ እዚያው ሂጂና አስፈርሚ። ሌላው፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ነው። የብረት ዋጋ ማሰባሰብ፣ የቆፋሪ ውል ማዘጋጀት የራሳቸው መስመር፣ የራሳቸው ተጠሪ ይኑራቸው። ከፈቃዱ መስመር ሥር ከተደበቁ፣ ፈቃዱ በወጣ ማግስት ዋጋ ጥየቃ ትጀምራላችሁ።

ተጠሪው እረፍት ሲወጣ ደግሞ የሱን መስመሮች ለይተሽ አውጪና ከመሄዱ በፊት ለሌላ ሰው አስረክቢ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ውክልናው፣ የገቢ ቁጥሩና የገምጋሚው ስልክ አብረው ይተላለፉ።

በዚህ ሳምንት አሁን «በሂደት ላይ» ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ሂጂባቸው። ለእያንዳንዱ ቀጣዩን እርምጃ የሚወስደው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ውጭ ያለ ሰው ከሆነ ሦስቱን ሞልተሽ ወደ «በመጠባበቅ ላይ» አሻግሪው። መልስ የሌለው መስመር ካገኘሽ ቀን አትስጪው፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ልከሽ ፋይሉ የት እንዳለ አስጠይቂ።